መብራት ሲዋዥቅ ፕሮግራም እንዳይበላሽ፦ በኤቲሜጋ328ፒ ላይ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ጠባቂን የማስተካከል መመሪያ

ለአንድ ዘመዴ የዶሮ እንቁላል መፈልፈያ ማሽን መቆጣጠሪያ ሠርቼለት ነበር። ሥራውን የሚመራው በ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል የሚሄድ ኤቲሜጋ328ፒ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ የማሽኑን ሙቀት በሴንሰር ያነባል፣ ከተፈላጊው ሙቀት ጋር ያወዳድራል፣ በሪሌይ አማካይነትም ማሞቂያ አምፖሎቹን ያበራል፣ ያጠፋል። ተፈላጊው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ መብራት ቢጠፋም እንዳይረሳ በቺፑ ውስጥ ባለው ኢኢፕሮም ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ በአንድ ሌሊት መብራት ብዙ ጊዜ ሄዶ መጣ። ጠዋት ሲታይ የተፈላጊው ሙቀት ቦታ 6539.9 ይላል፤ ሪሌዩ እንደበራ ቀርቷል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች በሙሉ በሙቀት ሞተዋል።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ ሲነበብ ምን እንደተፈጠረ ራሱ ይናገራል። ፕሮግራሙ ሙቀትን የሚያስቀምጠው በአሥር አባዝቶ ነው፤ ስለዚህ 37.5 የተጻፈው 375 ተብሎ ነው። ይህን ለመያዝ ሁለት ባይት ያስፈልጋል፤ የላይኛው ባይት 1፣ የታችኛው ደግሞ 119 ይሆናል፤ 1 በ256 ተባዝቶ 119 ሲደመርበት 375 ይመጣልና። 6539.9 ማለት ደግሞ 65399 ማለት ነው፤ እሱም 255 በ256 ተባዝቶ 119 ሲደመርበት የሚገኝ ነው። የታችኛው ባይት አልተነካም፤ የላይኛው ግን ከ1 ወደ 255 ተለውጧል። በኢኢፕሮም ውስጥ አንድ ባይት ሲጻፍ መጀመሪያ ሁሉም ቢቶች ወደ 1 ይጠረጋሉ፣ ማለትም ባይቱ 255 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው ዋጋ የሚሰፍረው። በዚያ ሌሊት ባይቱ ተጠርጎ ሳይሰፍርበት ቀርቷል ማለት ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላው ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ወደ ኢኢፕሮም የሚጽፈው ሰው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ቁልፍ የነካ ሰው አልነበረም። ታዲያ ማን ጻፈው?

ቮልቴጅ ሲወርድ በፕሮግራሙ ላይ የሚደርሰው

ማይክሮኮንትሮለር ቮልቴጁ ሲወርድበት ወዲያውኑ አይቆምም፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። በ16 ሜጋኸርዝ እያንዳንዱ የክሎክ ምት 62.5 ናኖሰከንድ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትእዛዙ ከፍላሽ መነበብ፣ መተርጎም፣ ስሌቱ መጠናቀቅና ውጤቱ ሬጂስተር ላይ መድረስ አለበት። በቺፑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁ ሲቀንስ ይዘገያሉ፤ ክሪስታሉ ግን አይዘገይም፤ በዚያው ፍጥነት መምታቱን ይቀጥላል። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ምቱ ይመጣል፣ ውጤቱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ሬጂስተሩም ያልተጠናቀቀውን ይዞ ይቀጥላል። ስህተቱ የደረሰው በስሌት ላይ ከሆነ አንድ ቁጥር ይሳሳታል። ቀጣዩን ትእዛዝ በሚጠቁመው የፕሮግራም ቆጣሪ ላይ ከደረሰ ግን ቺፑ ወዳልታሰበ የፕሮግራሙ ክፍል ዘልሎ፣ ከዚያ ያገኘውን ሁሉ መፈጸም ይጀምራል። በእኛ ማሽን ውስጥ ደግሞ ከነዚያ ክፍሎች አንዱ ወደ ኢኢፕሮም የሚጽፈው ንዑስ ፕሮግራም ነው። ማንም ሳይጠራው ሊፈጸም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ ተጽፎ ለመጨረስ የሚያስፈልገው 3.3 ሚሊሰከንድ ሳይሞላም ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ራም ይዘቱን በጣም ዝቅ ባለ ቮልቴጅ እንኳ ስለሚይዝ፣ መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ የተሳሳተው ፕሮግራም በተሳሳተው መንገዱ ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያ አይነሳም። ማሳያው በርቶ፣ ሪሌዩ ተይዞ፣ ቁልፎቹ ምንም ሳይመልሱ የሚቆይ ማሽን አይታችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ስትሰኩት የተስተካከለ ከሆነ፣ ያያችሁት ይህንኑ ነው።

ሁለቱ ሪሴቶች የሚለያዩበት

በኤቲሜጋ328ፒ ውስጥ ከቮልቴጅ ጋር የተያያዙ ሁለት የሪሴት ሰርኪዩቶች አሉ፤ ብዙ ሰውም አንዱን ከሌላው ጋር ያምታታል። የመጀመሪያው ፓወር ኦን ሪሴት ነው፤ ሥራው ኃይል ከዜሮ ተነስቶ ሲመጣ ቺፑን በንጹሕ ሁኔታ ማስጀመር ነው። ይህ ሰርኪዩት ሁልጊዜ በሥራ ላይ ነው፣ ሊጠፋም አይችልም፤ ነገር ግን ድንበሩ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ 1.4 ቮልት ገደማ። ቮልቴጁ ከ5 ወደ 2.5 ወርዶ ቢመለስ ፓወር ኦን ሪሴት ምንም አላየም፤ ለእሱ ኃይሉ አልጠፋም። የእኔም ስህተት መነሻው ይኸው ነበር፤ ቺፑ የራሱ ሪሴት አለውና መብራት ሲሄድ ይጠብቀኛል ብዬ አምኜ ነበር።

ሁለተኛው ብራውን አውት ዲቴክተር ነው፤ ከዚህ በኋላ ጠባቂ እያልኩ እጠራዋለሁ። ይህ የቺፑን ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ከተወሰነ ድንበር ጋር ያነጻጽራል፤ ከድንበሩ በታች ሲወርድ ቺፑን በሪሴት ይይዘዋል፤ ቮልቴጁ ተመልሶ ከድንበሩ ጥቂት፣ ወደ 50 ሚሊቮልት ገደማ፣ ከፍ ሲል ብቻ ይለቅቀዋል። በሪሴት የተያዘ ቺፕ ትእዛዝ አይፈጽምም፤ ትእዛዝ ካልፈጸመም ሊሳሳት አይችልም። ድንበሩን የምንመርጠው በፊውዝ ቢት ሲሆን አራት ምርጫ አለ፦ ጠፍቶ መተው፣ 1.8፣ 2.7 እና 4.3 ቮልት። ከፋብሪካ አዲስ የወጣ ቺፕ ጠባቂው ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

አንደኛ ደረጃ፦ ለክሎካችሁ የሚበቃውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ማስላት

ድንበሩን ከመምረጥ በፊት ቺፑ በእናንተ ፍጥነት እስከ ስንት ቮልት ድረስ በትክክል እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ቺፕ የመረጃ ሰነድ መሠረት እስከ 4 ሜጋኸርዝ 1.8 ቮልት ይበቃል፤ እስከ 10 ሜጋኸርዝ 2.7 ቮልት፣ እስከ 20 ሜጋኸርዝ ደግሞ 4.5 ቮልት ያስፈልጋል። በነዚህ ነጥቦች መካከል መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለ16 ሜጋኸርዝ እንዲህ ይሰላል፦

```
V = 2.7 + (16 - 10) * (4.5 - 2.7) / (20 - 10)
V = 3.78
```

ስለዚህ በ16 ሜጋኸርዝ ከ3.78 ቮልት በታች ቺፑ ትክክለኛ ለመሆኑ ማንም ዋስትና አይሰጥም። አሁን ሦስቱን ድንበሮች ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩ። 2.7 የሚባለው ድንበር ከቺፕ ቺፕ ከ2.5 እስከ 2.9 ሊለያይ ይችላል፤ 4.3 የሚባለው ደግሞ ከ4.1 እስከ 4.5። በ2.7 ከተቀመጠ፣ ከ3.78 እስከ 2.7 ያለው መንገድ በሙሉ ጠባቂ የለውም። በ4.3 ከተቀመጠ ግን ከሁሉ የወረደው ቺፕ እንኳ በ4.1 ስለሚይዝ ከ3.78 በላይ ነው። ለ5 ቮልት እና ለ16 ሜጋኸርዝ ትክክለኛው ምርጫ 4.3 ብቻ ነው።

ይህን አስረግጬ የምናገረው አርዱዊኖ ኡኖ ከሣጥኑ ሲወጣ ጠባቂው በ2.7 ተስተካክሎ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው ቦርድ ጠባቂ አለው፤ ነገር ግን ጠባቂው የሚነቃው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። የእኔንም መቆጣጠሪያ ቺፕ ያገኘሁት ከእንዲህ ዓይነት ቦርድ ላይ ነቅዬ ነበር።

ያ ክፍተት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ማስላትም ይቻላል። ማሽኑ የሚጠቀመው ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 7805 ሬጉሌተር ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ 80 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ። መብራት ሲሄድ ካፓሲተሩ በየሚሊሰከንዱ 0.08 ቮልት ያጣል። ቮልቴጁ 7 አካባቢ እስኪደርስ ሬጉሌተሩ 5 ቮልቱን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በታች ግን ውጤቱ ከመግቢያው 2 ቮልት ገደማ ዝቅ እያለ አብሮ ይወርዳል። ከ3.78 እስከ 2.7 ለመውረድ 13.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በ16 ሜጋኸርዝ ይህ 216,000 የክሎክ ምት ነው። ቺፑ አብዛኛውን ትእዛዝ በአንድ ምት ስለሚፈጽም፣ በእያንዳንዱ የመብራት መጥፋት ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ትእዛዝ ያለ ዋስትና ይፈጸማል ማለት ነው። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ የሄደ መብራት አሥር ጊዜ ይህን ዕድል ይሰጣል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ፊውዝ ቢቱን ማንበብና መቀየር

ለዚህ በኢንተርፌስ ገመድ በቀጥታ ከቺፑ ጋር የሚገናኝ ፕሮግራመር ያስፈልጋል፤ በቡትሎደር በኩል ፊውዝ ቢት መቀየር አይቻልም። በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘውን ዩኤስቢኤስፒ ካገናኛችሁ በኋላ መጀመሪያ አንብቡ፦

```
avrdude -c usbasp -p m328p -U efuse:r:-:h
```

መልሱ `0xff` ከሆነ ጠባቂው ጠፍቷል፤ `0xfd` ከሆነ በ2.7 ላይ ነው፤ `0xfc` ከሆነ በ4.3 ላይ ነው። ትርጉም ያላቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ብቻ ስለሆኑ አንዳንድ መሣሪያ ያንኑ `0xfd` `0x05` ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ልዩነት የለውም። ወደ 4.3 ለማሳደግ፦

```
avrdude -c usbasp -p m328p -U efuse:w:0xFC:m
```

በትእዛዙ ውስጥ `efuse` የሚለውን ፊደል በፊደል አረጋግጡ። በዚህ ቺፕ ላይ ይህ ባይት ከጠባቂው ድንበር በስተቀር ሌላ ነገር አይዝም፤ ስለዚህ ስህተት ቢሠራ ይስተካከላል። በ`hfuse` ላይ የተሠራ ስህተት ግን የሪሴት እግሩን ወይም የፕሮግራመሩን መግቢያ ሊዘጋ ይችላል። ቺፑን በ4.3 አስተካክላችሁ በ3.3 ቮልት ላይ ከሰካችሁት ከሪሴት ፈጽሞ አይወጣም፤ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም፤ 5 ቮልት ስጡትና መልሳችሁ ጻፉ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በሪሴት ጊዜ ሪሌዩ የት እንደሚሆን መወሰን

ጠባቂው ቺፑን በያዘው ጊዜ ሁሉም እግሮች ይለቀቃሉ፤ ወደ 5ም ወደ 0ም አይጎትቱም። ሪሌዩን የሚነዳው ትራንዚስተር ቤዙ በአየር ላይ ከቀረ የት እንደሚሆን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ ከቤዙ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርጉ። በዚህ አንድ ሬዚስተር፣ ቺፑ በተያዘበት ጊዜ ሁሉ ማሞቂያው ጠፍቶ ይቆያል። ለእንቁላል ለጥቂት ሰከንዶች ሙቀት ማጣት ምንም አይደለም፤ ያለ ተቆጣጣሪ መሞቅ ግን ገዳይ ነው። ሌላ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ የትኛው አቅጣጫ አደጋ እንደሌለው ራሳችሁ አስቡና ሬዚስተሩን ወደዚያ አዙሩ።

አራተኛ ደረጃ፦ የሪሴቱን ምክንያት መመዝገብ

ቺፑ ከሪሴት ሲወጣ ምክንያቱን `MCUSR` በሚባል ሬጂስተር ውስጥ ይተዋል። ፕሮግራሙ ሌላ ምንም ሳይሠራ መጀመሪያ ይህን ማንበብና ማጽዳት አለበት፤ ካልጸዳ የድሮው ምክንያት ከአዲሱ ጋር ተደርቦ ይቆያል።

```c
uint8_t cause = MCUSR;
MCUSR = 0;

if (cause & (1 << PORF))       starts++;
else if (cause & (1 << BORF))  dips++;
```

ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የተቀመጠ አይደለም። ቮልቴጁ ከዜሮ ቀስ ብሎ ሲነሳ ሁለቱም ምልክቶች አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ `PORF` መጀመሪያ ይታያል። ቡትሎደር ያለበት ቦርድ ከሆነ ግን ቡትሎደሩ ቀድሞ ሬጂስተሩን ሊያጸዳው ይችላል፤ እናንተ ጋ ሁልጊዜ ዜሮ ከመጣ መንስኤው ይህ ነው፤ ፕሮግራሙን ያለ ቡትሎደር በፕሮግራመሩ በኩል ጫኑ።

ቆጣሪዎቹን በኢኢፕሮም ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ቺፑ እንደተነሳ ወዲያው አትጻፉ። መብራት ሲመለስ ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ አይጸናም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሁለት ሰከንድ ጠብቃችሁ ብትጽፉ በዚያ መዋዠቅ መካከል አትያዙም፤ በ100,000 መጻፍ የተገደበው የኢኢፕሮሙ ዕድሜም ያለ ጥቅም አያልቅም።

አምስተኛ ደረጃ፦ መፈተሽ

ሶኬት መንቀልና መሰካት ፈተና አይደለም፤ በዚያ መንገድ ቮልቴጁ በአደገኛው ክልል ውስጥ የሚያልፈው በሚሊሰከንዶች ነው፤ ችግሩም ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሊታይ ይችላል። የሚያስፈልገው ቮልቴጁን ቀስ ብሎ የሚያወርድ ምንጭ ነው። ተስተካካይ ፓወር ሰፕላይ የሌለው ሰው በአንድ ኤልኤም317 ሬጉሌተር ሊሠራው ይችላል፦ 9 ቮልት መግቢያ፣ ከውጤቱ እግር ወደ ማስተካከያው እግር 240 ኦም፣ ከማስተካከያው እግር ወደ ግራውንድ ደግሞ 220 ኦም ቋሚ ሬዚስተርና 500 ኦም ፖቴንሽዮሜትር በተከታታይ። ይህ ከ2.4 እስከ 5.0 ቮልት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ስለማይወጣም ቺፑን ሊያቃጥለው አይችልም። በተከታታይ ያለውን 220 ኦም አትተዉ፤ ተስማሚ ፖቴንሽዮሜትር ካጣችሁ በአንድ ኪሎኦም አትተኩት፤ ውጤቱ ከ6 ቮልት ያልፋል።

የመፈተሻው ፕሮግራም ሲነሳ ሦስት ጊዜ ፈጠን ብሎ ኤልኢዲ ያብራ፣ ከዚያ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ። ቮልትሜትሩን በቀጥታ በቺፑ እግሮች ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ፊውዙ ሳይቀየር ሞክሩት፤ ኤልኢዲው እስከ 3 ቮልት እንኳ መብራቱን ሊቀጥል ይችላል። ይህ እንዳያታልላችሁ። ኤልኢዲ ማብራት የቺፑን አጭር መንገድ ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ በክፍል ሙቀት ያለ ጥሩ ቺፕም ከተጻፈለት ወሰን በታች ይሠራል። ሰነዱ 3.78 የሚለው ለከፋው ቺፕ፣ ለከፋው ሙቀትና ለረጅሙ መንገድ ነው፤ የእናንተ ቺፕ ደግሞ ከሞቀ ሣጥን አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ፊውዙን ወደ 4.3 ከቀየራችሁ በኋላ ፖቴንሽዮሜትሩን ቀስ ብላችሁ ስታወርዱ ኤልኢዲው ከ4.5 እስከ 4.1 ባለው ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ በድንገት መቆም አለበት። ያን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ ወደ ላይ መልሱት፤ ከዚያው ቁጥር ትንሽ ከፍ እንዳለ ሦስቱ ፈጣን ብልጭታዎች መታየት አለባቸው። እነዚያ ሦስት ብልጭታዎች ካልታዩና ኤልኢዲው ካቆመበት ከቀጠለ፣ ያያችሁት ሪሴት አይደለም፤ ፊውዙ አልተጻፈም።

በመጨረሻ ሪሌዩን ራሱን እያበራችሁ እያጠፋችሁ `dips` የሚለውን ቆጣሪ ተከታተሉ። ሪሌይ በበራ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ ጥፋቱ የጠባቂው አይደለም፤ እስካሁን ሳታዩት ይደርስ የነበረውን የቮልቴጅ መውረድ አሁን ገልጦላችኋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ድንበሩን ወደ 2.7 መመለስ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው፤ ማሽኑ መቆሙን ያቆማል፣ መሳሳቱን ግን ይቀጥላል። የሪሌዩን ኮይል ከ5 ቮልቱ አውጥታችሁ በ12 ቮልቱ ንዱት፤ በኮይሉ ላይ ዳዮድ መኖሩን፣ በቺፑ የኃይል እግሮች ላይም 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ተጠግቶ መሸጡን አረጋግጡ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ጠባቂው የማይሸፍነውን መሸፈን

ጠባቂው ፕሮግራሙ እንዳይሳሳት ያደርጋል፤ በትክክል የተጀመረ ሥራ በመካከሉ እንዳይቋረጥ ግን አያደርግም። ዘመዴ ቁልፍ ተጭኖ ሙቀቱን ሲቀይር በዚያው ቅጽበት መብራት ቢሄድ፣ በመጻፍ ላይ የነበረው አንድ ባይት ቮልቴጁ እስከበቃ ድረስ ተጽፎ ያልቃል፤ ሁለተኛው ባይት ግን ሳይጀመር ቺፑ ይያዛል። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ቁጥር ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ቦታ ይዘጋጅና በተራ ይጻፍባቸው፦

```c
typedef struct {
    uint8_t  seq;
    uint16_t temp10;
    uint8_t  sum;
} rec_t;
```

`seq` በተጻፈ ቁጥር በአንድ ይጨምራል፤ `sum` ከሌሎቹ ሦስት ባይቶችና ከ`0xA5` በ`XOR` ይሰላል። `0xA5` የገባበት ምክንያት አለው፤ ሁሉም ባይቶች 255 ወይም ሁሉም 0 የሆኑበት መዝገብ ትክክለኛ መስሎ እንዳያልፍ ነው። ቺፑ ሲነሳ ሁለቱንም ያነባል፤ ድምራቸው ትክክል ከሆነው ውስጥ አዲሱን ይወስዳል፤ ሁለቱም ከተበላሹ 37.5ን ይጠቀማል። ከዚህም በላይ የተነበበው ቁጥር ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ውጭ ከሆነ አይቀበለውም። ይህ የመጨረሻው ማጣሪያ ከመጀመሪያው ኖሮ ቢሆን 6539.9 ወደ ሪሌዩ አይደርስም ነበር፤ ሁለት መስመር ኮድ ነው፤ ሳልጽፈው በመቅረቴ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

በውጭ የሚሠራ ሪሴት ሲያስፈልግ

በብዙ የድሮ ሰርኪዩቶች ላይ የሪሴት እግሩ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተርና በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻ ይያዛል። ይህ ኃይል ሲመጣ መቶ ሚሊሰከንድ ያህል የማዘግየት ሥራ ይሠራል፤ ለቮልቴጅ መውረድ ግን ምንም አይጠቅምም። 5 ቮልቱ ለአምስት ሚሊሰከንድ ወደ 3 ቢወርድ ካፓሲተሩ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ በሬዚስተሩ በኩል ባዶ ሊሆን አይችልም። በሬዚስተሩ ላይ ዳዮድ ቢጨመር እንኳ ካፓሲተሩን የሚያወርደው እስከ 3.6 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ለቺፑ ያ አሁንም ከኃይሉ በላይ የሆነ፣ ግልጽ የሥራ ምልክት ነው።

የራሱ ጠባቂ የሌለው ቺፕ ካላችሁ፣ ወይም በፊውዝ ከሚገኘው ይልቅ ጠበቅ ያለ ድንበር ከፈለጋችሁ፣ ማክስ809 ዓይነት ባለ ሦስት እግር ሪሴት ሰጪ ተጠቀሙ። ኤም የሚል ፊደል ያለበት በ4.38 ቮልት፣ ኤል የሚለው በ4.63 ይይዛል፤ ቮልቴጁ ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ ለ140 ሚሊሰከንድ ሪሴቱን ይዞ ይቆያል፤ በመዋዠቅ ለሚመለስ መብራት ይህ መዘግየት ትልቅ ነገር ነው። በዚያው መስመር ላይ ፕሮግራመር ወይም የሪሴት ቁልፍ ካለ ግን ማክስ803ን ምረጡ፤ እሱ መስመሩን ወደ ታች ብቻ ይጎትታል እንጂ ወደ ላይ አይገፋም፤ ስለዚህ ከሌላው ጋር አይጋጭም።

ማሽኑ በዩኤስቢ ገመድ ወይም በፓወር ባንክ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ነገር ይመጣል። ረጅምና ቀጭን ገመድ በጭነት ጊዜ 4.4 ቮልት ሊያደርስ ይችላል፤ ድንበሩ 4.5 የሆነ ቺፕ ከደረሳችሁ ደግሞ ከሪሴት አይወጣም። እዚህ ላይ የሚቀለው ክሎኩን ወደ 8 ሜጋኸርዝ ማውረድ ነው። በላይኛው ስሌት ለ8 ሜጋኸርዝ የሚበቃው ቮልቴጅ 2.4 ይመጣል፤ የ2.7 ድንበር ደግሞ ቢበዛ ወደ 2.5 ነው የሚወርደው። በዚህ ፍጥነት `0xFD` ትክክለኛ ጠባቂ ይሆናል፤ ገመዱ ቢደክምም ማሽኑ ሳይቆም ይሠራል። የመፈልፈያውን መቆጣጠሪያ እንደገና ስሠራ በመጨረሻ የመረጥኩት ይህን ነው፤ ሙቀትን በየሁለት ሰከንዱ ለሚያነብ ፕሮግራም 8 ሜጋኸርዝ ከበቂ በላይ ነው፤ ዘመዴም ማሽኑን መብራት ሲሄድ ከፓወር ባንክ ጋር ያገናኘዋል።